የድሮ ጌም በጆይስቲክ፦ አናሎግን ወደ ማውስ፣ በተንን ወደ ኪቦርድ መቀየር

ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መጣ። ላፕቶፑ ላይ ሻይ ፈሶበት የኪቦርዱ አንድ ሙሉ ረድፍ አይሠራም። መዳሰሻውም ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ግን ቦርሳው ውስጥ ደህና ጆይስቲክ ነበረው። መጫወት የፈለገው ደግሞ ዲያብሎ 2ን ነው። ጆይስቲኩን ሰካ፣ ጌሙን ከፈተ፣ አናሎጉን ገፋ። ምንም የለም።

«አጎቴ፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም። ዲያብሎ 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ የተሠራው ለማውስና ለኪቦርድ ነው። ጆይስቲክ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ በመሃል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አናሎጉ ሲገፋ «ማውሱ ተንቀሳቀሰ» ብሎ ለዊንዶውስ የሚናገር፣ በተን ሲጫን ደግሞ «ይህ ፊደል ተመታ» የሚል ፕሮግራም ማለት ነው። ጌሙ የሚያየው ማውስና ኪቦርድ ብቻ ነው። ከኋላ ጆይስቲክ እንዳለ አያውቅም።

የዚያን ቀን የሠራነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ምሳሌዬ ዲያብሎ 2 ነው። ገጸ ባሕሪው ሁልጊዜ መሃል ላይ ቆሞ ከላይ ወደ ታች የምታዩት ሌላ የድሮ ጌም ካላችሁም አካሄዱ ያው ነው።

የትኛው ፕሮግራም?

እኔ የምጠቀመው `AntiMicroX` የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አካውንትም አይፈልግም። ሳይጫን ከዚፕ ፋይል ወጥቶ የሚሠራ ዓይነትም አለው። በፍላሽ ይዛችሁ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መውሰድ ትችላላችሁ።

ስቲም ያላችሁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር እዚያ ውስጥ ታገኛላችሁ። ከስቲም ያልተገዛ ጌምም መጨመር ይቻላል። ችግሩ ስቲም ጌሙ ላይ የሚደርበው መስኮት አንዳንድ የድሮ ጌሞችን በደንብ አለመያዙ ነው። መስኮቱ ጌሙን ሳይዝ ሲቀር ለጌሙ ያዘጋጃችሁት ቅንብር ላይነሳላችሁ ይችላል። ለድሮ ጌም ትንሹንና ቀላሉን መሣሪያ የምመርጠው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጆይስቲኩን ፈትሹ

ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት ዊንዶውስ ጆይስቲኩን በትክክል እንደሚያየው አረጋግጡ። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ `Run` ን ምረጡና ይህን ጻፉ፦

```
joy.cpl
```

በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ጆይስቲኩን መርጣችሁ `Properties` ን ንኩ። አናሎጉን ስትገፉ ትንሿ የመደመር ምልክት አብራ መንቀሳቀስ አለባት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ርካሽ ጆይስቲኮች መሃላቸው ላይ `ANALOG` ወይም `MODE` የሚል በተን አላቸው። መብራቱ ከጠፋ አናሎጉ እንደ ቀስት በተኖቹ ብቻ ይሠራል። ማለትም ወይ ሙሉ በሙሉ ይገፋል፣ ወይ አይገፋም። በመሃል ያለው ቀስ ያለ እንቅስቃሴ የለም። የእህቴ ልጅ ጆይስቲክም እንደዚያ ነበር። በተኑን አንዴ ስንጫነው ቀዩ መብራት በራ፣ የመደመር ምልክቷም ለስለስ ብላ መሄድ ጀመረች። ይህ ሳይስተካከል ወደፊት አትሂዱ። ቀጥሎ የምንሠራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እጃችሁን ከአናሎጉ ላይ አንሱና ምልክቷን ዝም ብላችሁ እዩ። መሃል ላይ ረግታ ካልቆመች፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ዘመም ካለች አናሎጉ ትንሽ አርጅቷል ማለት ነው። አብሽሩ፣ በኋላ የምናስተካክልበት ቦታ አለ።

በኖትፓድ መሞከር

አሁን `AntiMicroX` ን ክፈቱ። ጆይስቲኩ ከተሰካ በተኖቹ በመስኮቱ ላይ ይደረደራሉ። አንዱን በእጃችሁ ስትጫኑ በስክሪኑ ላይ ያለው ስሙ ቀለም ይቀይራል። ስሞቹ ከተቀላቀሉ፣ ለምሳሌ A ስትጫኑ X ላይ ከበራ፣ `Controller Mapping` የሚለውን ንኩ። የጆይስቲክ ስዕል ያሳያችኋል፤ እሱ የሚያመለክተውን በተን እየተከተላችሁ ትጫናላችሁ። አንዴ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚያ ትንሽ ሙከራ እናድርግ። በመስኮቱ ላይ የY በተንን ንኩ። የኪቦርድ ስዕል ይመጣል። ከእሱ ላይ I ን ምረጡ። ኖትፓድ ክፈቱና በጆይስቲኩ ላይ Y ን ተጫኑ። «i» ከተጻፈ አስተርጓሚው እየሠራ ነው።

የአማርኛ ፊደል ከወጣ ግን የአማርኛ መጻፊያችሁ አልጠፋም። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ከጆይስቲኩ የተላከው ፊደል እንደ ማንኛውም የኪቦርድ ምት በአማርኛ መጻፊያው በኩል ያልፋል። መጻፊያው በመሃል ይይዘውና ጌሙ የሚጠብቀው I ሳይደርሰው ይቀራል። ከመጫወታችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ኖትፓዱን አትዝጉት። በኋላ ችግር ሲመጣ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ የሚለይልን እሱ ነው።

ጌሙን በመስኮት መክፈት

ዲያብሎ 2 ስክሪኑን ሙሉ ይዞ ሲከፈት የዊንዶውስን የስክሪን መጠን ይቀይራል። እኛ ደግሞ ከርሰሩን በትክክለኛ ቦታ ማስቀመጥ ስለምንፈልግ ይህ ያምታታናል። ስለዚህ በመስኮት እንከፍተዋለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 1.14 የተባለው ማሻሻያ ካላችሁ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ይቀላል።

የጌሙን አቋራጭ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ `Properties` ግቡ። `Target` የሚለው ሳጥን መጨረሻ ላይ፣ ከጥቅሱ ውጭ፣ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ `-w` ጨምሩ። እንዲህ ይመስላል፦

```
"C:\Games\Diablo II\Diablo II.exe" -w
```

ጌሙን `C:\Games` ውስጥ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። `Program Files` ውስጥ ካለ ሴቭ ለማድረግ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል። ሰው ያን ለመፍታት ብሎ ጌሙን በ`Run as administrator` ይከፍተዋል። ያኔ ጆይስቲኩ ዝም ይላል። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የዊንዶውስ የስክሪን ማጉያም 100 ፐርሰንት ላይ ይሁን። 125 ላይ ከሆነ ከርሰሩ ከሚጠበቅበት ቦታ ሊስት ይችላል። የማስፋፊያው ዲስክ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ክፍል ካላችሁ ጌሙን በራሱ ቅንብር ውስጥ 800 በ600 አድርጉት። ከዚያ መስኮቱን ጎትታችሁ የስክሪኑ መሃል ላይ አድርጉት። አሁን ያለ ምክንያት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ቀጥሎ ይገባችኋል።

የግራውን አናሎግ መራመጃ ማድረግ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። ቀስ ብለን እንሂድበት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አናሎጉን እንደ ማውስ አድርጎ መተው ነው። አናሎጉን ወደ ቀኝ ስትይዙት ከርሰሩ ወደ ቀኝ እየሄደ እየሄደ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይደርሳል። ወደ ግራ ለመዞር ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ አለበት። ጭራቅ ከኋላ ሲመጣባችሁ ከርሰሩ ገና በመንገድ ላይ ነው። እንዲህ መጫወት አይቻልም።

ዲያብሎ ግን የሚያግዘን አንድ ጠባይ አለው። ገጸ ባሕሪው ሁልጊዜ ስክሪኑ መሃል አካባቢ ነው። መሬት ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ደግሞ ከርሰሩን ተከትሎ ይራመዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሌላ ዓይነት ከርሰር ነው። አናሎጉን ወደ ቀኝ ስትገፉ ከገጸ ባሕሪው በስተቀኝ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ ወደ ግራ ስትገፉ ወዲያው በግራ በኩል የሚገኝ፣ ስትለቁት ደግሞ ወደ መሃል የሚመለስ። በፕሮግራሙ ውስጥ ይህ `Spring` ይባላል። ተራው ዓይነት `Cursor` ነው።

በ`AntiMicroX` መስኮት ላይ የግራውን አናሎግ መሃሉን ንኩ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ `Presets` ከሚለው `Mouse (Normal)` ን ምረጡ። ከዚያ `Mouse Settings` ን ክፈቱና `Mouse Mode` ን ወደ `Spring` ቀይሩት። `Spring Width` ላይ 300፣ `Spring Height` ላይ 220 አስገቡ።

እነዚህ ቁጥሮች ከርሰሩ የሚንቀሳቀስበትን ሳጥን ስፋትና ቁመት የሚናገሩ ናቸው። ስፋቱ 300 ከሆነ ከርሰሩ ከመሃል ወደ ቀኝ 150 ነጥብ፣ ወደ ግራም 150 ነጥብ ብቻ ይሄዳል። 0 ካደረጋችሁት ሙሉውን ስክሪን ይይዛል። ያኔ ከርሰሩ ከጌሙ መስኮት ወጥቶ ዴስክቶፑ ላይ ክሊክ ያደርጋል፣ ጌሙም ከፊት ይጠፋል። በጣም ካነሰ ደግሞ ከርሰሩ ገጸ ባሕሪው እግር ላይ ስለሚሆን አናሎጉ ትንሽ በተነቀነቀ ቁጥር አቅጣጫው ይዋዥቃል። 300 በ220 ለ800 በ600 መስኮት የተስማማኝ መጠን ነው። ከዚያ በጣም ሲሰፋ ከርሰሩ ከታች ያለውን የጤናና የማና ሰሌዳ መንካት ይጀምራል።

ቀጥሎ ክሊኩ። አናሎጉ ሲገፋ የግራ ክሊክም አብሮ ተይዞ መቆየት አለበት። ለዚህ በአናሎጉ መስኮት ውስጥ `Modifier` የሚል ቦታ አለ። እዚያ የተቀመጠ ነገር አናሎጉ ከመሃል በወጣበት ጊዜ ሁሉ ተጭኖ ይቆያል፣ በየትኛውም አቅጣጫ። የግራ ማውስ በተንን እዚያ አድርጉ።

እዚህ ጋ አንድ ስውር ችግር ያጋጥማል። አናሎጉን ገና ስትነኩት ክሊኩ ከከርሰሩ ሊቀድም ይችላል። ከርሰሩ ገና ከመሃል ሳይወጣ፣ ገጸ ባሕሪው ራሱ ላይ ወይም አጠገቡ የወደቀ ዕቃ ላይ ክሊክ ይደረጋል። የእህቴ ልጅ በየሦስት እርምጃው መሬት ላይ የወደቀ ቀስት እያነሳ ሲቸገር ነው ነገሩ የገባን። መፍትሔው ክሊኩን በጥቂቱ ማዘግየት ነው። በ`Modifier` ውስጥ `Advanced` ግቡ፣ ከግራ ክሊኩ በፊት `Delay` አስገቡና 0.05 ሰከንድ ስጡት። ለእጅ አይታወቅም። ለከርሰሩ ግን ቦታው ለመድረስ ይበቃዋል።

«ወደ ታች ያዘነብላል»

ጌሙን ከፈትን። የመጀመሪያው ከተማ ውስጥ አናሎጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ቀኝ ገፋው። ገጸ ባሕሪው ሄደ፣ ግን ቀጥ ብሎ አይደለም።

«አጎቴ፣ እየው፣ ወደ ታች ያዘነብላል።»

እውነቱን ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። `Spring` ከርሰሩን የሚያስቀምጠው በኮምፒውተሩ ስክሪን መሃል ዙሪያ ነው። ጌሙ ደግሞ ከታች ሰሌዳ ስላለው ገጸ ባሕሪውን ከመስኮቱ መሃል ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚያቆመው። ሁለቱ መሃሎች አይገጥሙም። ከርሰሩ በቀኝ በኩል ሲቀመጥ ከገጸ ባሕሪው እግር ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው፣ እሱም ወደዚያ ዝቅ እያለ ይሄዳል።

የጌሙን መስኮት በርዕሱ ይዛችሁ በጥቂቱ ወደ ታች ጎትቱት። ገጸ ባሕሪው ወደ ስክሪኑ እውነተኛ መሃል ይጠጋል። እንደገና ወደ ቀኝ ገፍታችሁ ሞክሩ። አሁን ወደ ላይ ካዘነበለ አብዝታችኋል። እኛ በሦስተኛው ሙከራ ገጠመልን። ከዚያ ወደ ግራም ገፍታችሁ አረጋግጡ። ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉ ወደ ጎን የሚያፈነግጥ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ወደሚያፈነግጥበት ወገን መሳብ ነው የሚያስፈልገው።

ገጸ ባሕሪው ሳትነኩት ራሱ የሚራመድ ከሆነ ቅድም በ`joy.cpl` ያየነው የአናሎግ መዝመም ነው። በአናሎጉ መስኮት ውስጥ `Dead Zone` የሚል ቁጥር አለ። ከዚያ ቁጥር በታች ያለ እንቅስቃሴ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እጃችሁን አንስታችሁ መስኮቱ የሚያሳየውን የአናሎግ ቁጥር አንብቡ። ሳይነካ 9000 የሚያሳይ ከሆነ `Dead Zone` ን 11000 አድርጉት። ከሚያስፈልገው በላይ አትጨምሩ፤ አናሎጉ ብዙ ካልተገፋ የማይሰማ ይሆናል።

የቀሩት በተኖች

ይህን በፍጥነት ልለፈው፤ በእጃችሁ ልማድ መሠረት መቀያየር ትችላላችሁ። እኛ ያደረግነው ይኼ ነው፦

- A፦ የግራ ክሊክ። ለመምታት፣ ለማንሳት፣ ለማነጋገር።
- የቀኝ ታችኛው ማስፈንጠሪያ፦ የቀኝ ክሊክ፣ ማለትም አስማቱ።
- X፦ Shift እና የግራ ክሊክ አንድ ላይ። ቆሞ ለመምታት።
- የግራ ላይኛው በተን፦ Alt። ሲያዝ የወደቁ ዕቃዎችን ስም ያሳያል።
- አራቱ የቀስት በተኖች፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4። የቀበቶ መድኃኒቶች።
- የቀኝ ላይኛው በተን፦ W፣ መሣሪያ ለመቀያየር።
- የግራውን አናሎግ ወደ ውስጥ መጫን፦ R፣ ሩጫና እርምጃ።
- `Back`፦ Tab፣ ካርታው። `Start`፦ Esc።

የቀኙ አናሎግ በተራው `Cursor` ዓይነት ይሁን። ራቅ ያለ ጭራቅ ላይ አነጣጥራችሁ አስማት ለመወርወር ያገለግላል። ፍጥነቱን ግን ቀንሱት። ፕሮግራሙ ሲጀምር የሚሰጠው 50 ለ800 በ600 መስኮት ይፈጥናል። እኛ 25 ላይ አድርገነዋል።

X ላይ ሁለት ነገር ስለሚቀመጥ `Advanced` ውስጥ ገብታችሁ Shift ን አስቀድሙ፣ የግራ ክሊኩን አስከትሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክሊኩ Shift ሳይያዝ ይደርስና ገጸ ባሕሪው ቆሞ በመምታት ፈንታ ወደ ጭራቁ ይሮጣል።

ሻንጣው ሲከፈት

እዚህ ድረስ የሠራነው ለመራመድና ለመዋጋት ጥሩ ነው። የዕቃ ሻንጣውን ስትከፍቱ ግን ሁሉም ይፈርሳል። ሻንጣው የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ ይይዛል፣ ገጸ ባሕሪውም ወደ ግራው ግማሽ ይገፋል። መሃል ላይ የሚሽከረከረው ከርሰር ወደ ሻንጣው ኪሶች መድረስ አይችልም። አናሎጉን በነካችሁ ቁጥርም ክሊክ ያደርጋል። በእጃችሁ የያዛችሁትን ሰይፍ መሬት ላይ ልትጥሉት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ሁለተኛ ቅንብር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ እስከ ስምንት `Set` ይይዛል። አንደኛው ለሜዳ፣ ሁለተኛው ለሻንጣ።

`Set 2` ን ንኩና እዚያ የግራውን አናሎግ ተራ `Cursor` አድርጉት። `Modifier` ባዶ ይሁን። ፍጥነቱን 20 አድርጉ፣ `Acceleration` ከሚለው `Enhanced Precision` ን ምረጡ። አናሎጉን በትንሹ ስትገፉ ከርሰሩ በጣም ቀስ ይላል፣ ወደ ጠርዙ ስትጠጉ ይፈጥናል። ትናንሽ ኪሶች ላይ ለማረፍ ይኼ ነው የሚረዳው። A የግራ ክሊክ፣ X የቀኝ ክሊክ ይሁን፤ መድኃኒት በቀኝ ክሊክ ይጠጣል። የግራ ላይኛው በተን Shift፣ `Start` እዚህም Esc ይሁን።

አሁን በሁለቱ መሃል መመላለሻውን እንሥራ። በ`Set 1` ውስጥ Y ላይ ቅድም I ን አድርገናል። በዚያው በተን `Advanced` ውስጥ ወደ `Set 2` እንዲሄድ ምረጡ፣ `One Way` የሚለውን። አሁን Y ሻንጣውን ይከፍታል፣ ቅንብሩንም ይቀይራል።

መመለሻውን ሰው ብዙ ጊዜ ያው Y ላይ ያደርገዋል። እኔ አልመክርም። እንዲህ አስቡት። ሻንጣው ክፍት ሳለ `Start` ተጫናችሁ፣ Esc ሻንጣውን ዘጋው። ፕሮግራሙ ግን ይህን አያውቅም፤ ስክሪኑን አያይም። አሁንም `Set 2` ላይ ነው። ከዚያ Y ስትጫኑ ሻንጣው ይከፈታል፣ ቅንብሩ ግን ወደ ሜዳ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ እንደተገለባበጡ ይቀራሉ።

የሚሻለው B ን መጠቀም ነው። በዲያብሎ 2 Space የተከፈተውን ሁሉ ይዘጋል። ምንም ካልተከፈተ ምንም አያደርግም። ስለዚህ በ`Set 2` ውስጥ B ላይ Space አድርጉና ወደ `Set 1` `One Way` እንዲመለስ ምረጡ። በ`Set 1` ውስጥም B ላይ Space ብቻ አድርጉ። አሁን የተምታታ በመሰላችሁ ጊዜ ሁሉ B ን ሁለቴ መጫን ነው። ሻንጣውም ይዘጋል፣ ቅንብሩም ሜዳ ላይ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከነጋዴ ጋር ስትነጋገሩ ወይም የከተማውን ሳጥን ስትከፍቱ Y አልተጫናችሁም፤ መስኮቱ ግን ተከፍቷል። ለዚህ በ`Set 1` ውስጥ የቀኙን አናሎግ ወደ ውስጥ መጫን ወደ `Set 2` ብቻ እንዲያሻግር አድርጉት፣ ያለ ምንም ፊደል። ነጋዴው ሲከፈት እሱን ትጫናላችሁ፣ ስትጨርሱ B።

ሴቭ ማድረግ

አሁኑኑ `Save` ን ንኩ። እኛ `Set 2` ን እየሠራን መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪም አልያዘም። ግማሹን እንደገና ሠራነው። ፋይሉ ስሙ በ`.gamecontroller.amgp` ያልቃል። ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራም ለጓደኛ ሊላክ ይችላል።

ጌሙ ሲከፈት ቅንብሩ ራሱ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ `Options` ውስጥ `Settings`፣ ከዚያ `Auto Profile` ግቡ። ፋይሉን ስትመርጡ `Diablo II.exe` ን ሳይሆን `Game.exe` ን ስጡት። የመጀመሪያው በር ከፋች ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የሚሮጠው ሁለተኛው ነው።

ካልሠራ

ኖትፓድ ላይ ይጽፋል፣ ጌሙ ውስጥ ግን ዝም ካለ ጌሙ በአስተዳዳሪ ፈቃድ እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል። ዊንዶውስ ተራ ፕሮግራም ለአስተዳዳሪ ፕሮግራም የውሸት ቁልፍ እንዲመታ አይፈቅድም። ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው። ወይ ጌሙን ከ`Run as administrator` አውጡት፣ ወይ `AntiMicroX` ንም በዚያው ፈቃድ ክፈቱት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ኖትፓድ ላይም ካልጻፈ ጥፋቱ ከጌሙ አይደለም። ወደ `joy.cpl` ተመለሱ።

አንድ በተን ሁለት ነገር የሚያደርግባችሁ ከሆነ፣ ይህ በዲያብሎ 2 አያጋጥምም፤ ጆይስቲክን በከፊል በሚያውቁ ሌሎች የድሮ ጌሞች ግን አለ። ጌሙ ራሱ ጆይስቲኩን ያነባል፣ አስተርጓሚውም ይልካል። በጌሙ ቅንብር ውስጥ ጆይስቲክን አጥፉት።

የማይፈታ ገደብም አለ። አናሎጉን ስትገፉ የመጀመሪያው ክሊክ ጭራቅ ላይ ካረፈ ገጸ ባሕሪው እሱን እየመታ ይቆያል፣ አይራመድም። ጌሙ የተያዘን ክሊክ የሚረዳው እንደዚያ ነው። ስትከበቡ አናሎጉን ለቅቃችሁ ባዶ ወደሆነው አቅጣጫ እንደገና መግፋት ነው። ለገጸ ባሕሪው ስም ለመስጠት ደግሞ ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ ኪቦርድ ስለማይሠራ የዊንዶውስን የስክሪን ኪቦርድ ከፍተን በከርሰር እየነካን ጻፍነው። በ`Run` ውስጥ `osk` ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ገጸ ባሕሪ መሃል ላይ የማይቆምባቸው ጌሞች፣ ለምሳሌ ሠራዊት የምታዙባቸው፣ `Spring` አይሆናቸውም። ለእነሱ የግራውን አናሎግ ተራ `Cursor` አድርጉ፣ የ`Set 2` ን ቁጥሮች ውሰዱ። ካርታውን ለማንሸራተት ደግሞ በቀኙ አናሎግ ላይ ከ`Presets` ውስጥ `Arrows` ን ምረጡ።